የባድሚንተን ሰርቭ፦ ከፍታው አንድ፣ ሳጥኑ ሁለት

ለወራት ነጠላ ብቻ ስጫወት ቆይቼ አንድ ቀን ሰው ጎደለና "ጥንድ ግባ" ተባልኩ። የመጀመሪያውን ሰርቭ እንደለመድኩት ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ላክሁት። ሻትሉ ከመጨረሻው መስመር ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ዱብ አለ። ተቀባዩ ራኬቱን እንኳ አላነሳም። ነጥብ አገኘሁ ብዬ ፈገግ ስል እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ፤ "አውት!" ልከራከር አፌን ስከፍት አጋሬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ጥንድ እኮ ነው" አለኝ።

ከጨዋታው በኋላ ደግሞ አንዱ ምክር ለገሰኝ። "በጥንድ ሰርቭ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚመታው፣ በነጠላ ግን ከፍ ማድረግ ይፈቀዳል።" ይህን አባባል እስከ ዛሬ በየሜዳው እሰማዋለሁ። እውነት የሚመስለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የሰርቩ ሳጥን፣ ማለትም ሰርቩ ማረፍ ያለበት የሜዳ ክፍል፣ በነጠላና በጥንድ በርግጥ ይለያያል። የመምቻው ከፍታ ግን አይለያይም። አንድ ሕግ ነው፣ ለሁሉም።

ሁለቱን ከፍታዎች መለየት

"የሰርቭ ከፍታ" ስንል ሁለት ነገር እናቀላቅላለን። አንደኛው ራኬቱ ሻትሉን በሚነካበት ቅጽበት ሻትሉ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ሁለተኛው ከተመታ በኋላ አየር ላይ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ሕጉ ቁጥር ያስቀመጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሻትሉ በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የአዳራሹን ጣሪያ እስካልነካ ድረስ የፈለገውን ያህል ይውጣ። በነጠላ ሰማይ ጠቀስ ሰርቭ የምናየው፣ በጥንድ ደግሞ መረቡን ታክኮ የሚያልፈውን የምናየው ተጫዋቾቹ ስለመረጡት ነው። ምርጫቸውን የሚወስነው ደግሞ ሳጥኑ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

1.15 ሜትር የሚለው ቁጥር አዲስ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን በሙከራ የጀመረው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት መለኪያው የመቺው ወገብ ነበር። "ወገብ" የተባለውም የሱሪ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ታችኛ ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ ሰውነትን የሚዞር፣ በሐሳብ የሚሰመር መስመር ነው። እንግዲህ ዳኛው በሰፊ ቲሸርት ውስጥ የተደበቀ የጎድን አጥንት ፈልጎ፣ ሻትሉ ከሱ በላይ ይሁን በታች በዓይን ጥቅሻ መወሰን ነበረበት። ጭቅጭቅ መፈጠሩ አይገርምም። ቋሚ ቁጥር ሲመጣ ረጃጅም ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ማጠፍ ግድ ሆነባቸው። አጠር ላሉት ግን 1.15 ከጎድን አጥንታቸው በላይ ስለሚውል እንዲያውም ትንሽ ተፈቀደላቸው።

ሕጉ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ለማየት መረቡን ማሰብ ይበቃል። መረቡ መሃሉ ላይ 1.524 ሜትር ነው። ከ1.15 በታች የተመታ ሻትል ይህን ለማለፍ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። ማንም ሰርቭ መቺ ቁልቁል አይመታም ማለት ነው። በነጠላም በጥንድም ሰርቭ በስማሽ እንዳይጀመር የተጠበቀው በዚህ ነው። ሜዳው ሰፋ ጠበበ፣ የሰው ቁጥር ጨመረ ቀነሰ፣ መረቡ ያው ነው። ስለዚህ ከፍታውም ያው ነው።

1.15ን በራሳችሁ መለካት

ብዙ ሰው ሰርቩ ሕጋዊ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ዓመታት ይጫወታል። ለማወቅ ሜትር፣ ቀጭን ገመድና ስልክ ይበቃል።

ገመዱን በሁለት ቋሚ ነገሮች መካከል ከመሬት ልክ 1.15 ሜትር ላይ ወጥሩት። መሃሉ እንዳይረግብ አጥብቁት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከረገበ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው። ሰርቭ የሚመታው ሰው ከገመዱ ኋላ ይቁም፣ ጎኑ ወደ ካሜራው ይሁን። ስልኩ ከገመዱ ወዲህ ይሆናል፤ የካሜራው ሌንስም ራሱ ከመሬት 1.15 ሜትር ላይ ይቀመጥ። ይህን ነጥብ አትዝለሉት። ሌንሱና ገመዱ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ ከገመዱ ኋላ ያለው ሰው ቅርብም ይቁም ሩቅ፣ በቪዲዮው ከገመዱ በላይ የታየው ነገር በርግጥ ከ1.15 በላይ ነው።

ሌንሱ ከዚያ ከፍ ካለ ገመዱን አልፎ ቁልቁል ስለሚያይ ሕጋዊው ሻትል ከገመዱ በላይ ሆኖ ይታያል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሽቅብ ስለሚያይ ሕገ ወጡ ሻትል በታች ይመስላል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጓደኛችሁ "ልክ ነው" ሲል፣ ቆሞ የሚያየው "ፎልት ነው" ብሎ የሚሟገተው በዚህ የተነሳ ነው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። በትልልቅ ውድድሮች የሰርቭ ዳኛው ዝቅ ብሎ የሚቀመጠውና በመስመር በተሰመረባቸው ሁለት ብርሃን አሳላፊ ሰሌዳዎች የሚያየውም ለዚህ ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆነው እስኪታዩት ድረስ ጭንቅላቱን ያስተካክላል። ያን ጊዜ ዓይኑ ትክክለኛው ከፍታ ላይ ነው።

ቪዲዮውን በዝግታ አጫውቱና ራኬቱ ሻትሉን በነካበት ቅጽበት አቁሙት። ቡሹን ብቻ እንዳታዩ። ሕጉ "ሙሉ በሙሉ" ይላል፤ ላባውም ይቆጠራል። ሻትል ከቡሹ ሥር እስከ ላባው ጫፍ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቡሹን ወደ ታች፣ ላባውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ቡሹ 1.10 ላይ ሆኖ "ገና አምስት ሴንቲ ሜትር ይቀረኛል" ብሎ ሊያስብ ይችላል። የላባው ጫፍ ግን 1.15ን አልፏል። እኔ ራሴ የተያዝኩት በዚህ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ እጃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ወይ ሻትሉን ጋደም አድርጉት። ጋደም ስታደርጉት ግን ራኬቱ መጀመሪያ ቡሹን እንዲነካ ተጠንቀቁ። ላባውን ቀድሞ መምታት ፎልት ነው።

ሳጥኑን በእግር መሄድ

አሁን ወደ ሜዳው ግቡ። ከመረቡ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ በመጀመሪያ የምታገኙት አግድም መስመር ከመረቡ 1.98 ሜትር ላይ ነው። የፊት ሰርቭ መስመር እንበለው። በነጠላም በጥንድም የሳጥኑ ፊት ይህ ነው፤ ከዚህ አጥሮ የወደቀ ሰርቭ ፎልት ነው። ቀጥላችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ሌላ አግድም መስመር ታገኛላችሁ፤ ከዚያ 76 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ የሜዳው መጨረሻ አለ። በነጠላ ያንን ውስጠኛ መስመር እንደሌለ ቁጠሩት፤ ሳጥኑ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። በጥንድ ግን ሰርቭ የሚያበቃው ውስጠኛው ላይ ነው።

በጎን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት የጎን መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው 46 ሴንቲ ሜትር። ነጠላ የውስጠኛውን ይጠቀማል፣ ጥንድ የውጪውን። ሁለቱን ሳጥኖች ግራና ቀኝ የሚከፍለው የመሃል መስመር ለሁለቱም አንድ ነው።

ቁጥሩን ስታወጡት የነጠላ ሳጥን ርዝመቱ 4.72፣ ወርዱ 2.59 ሜትር ገደማ ይሆናል። የጥንዱ ርዝመቱ 3.96፣ ወርዱ 3.05። አንዱ ረጅምና ጠባብ፣ ሌላው አጭርና ሰፊ። አባዟቸውና ስፋታቸውን እዩ፤ ሁለቱም 12 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ከኋላ የተቆረጠው በጎን ተመለሰ እንደማለት ነው። "የጥንድ ሳጥን ትልቅ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ሁለት ሻትሎች መሬት ላይ አስቀምጡና ፈትኑ። አንዱን ከመጨረሻው መስመር 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ከነጠላ የጎን መስመር ሳይወጣ አስቀምጡት። ይህ በነጠላ ሰርቭ ውስጥ ነው፤ በጥንድ ሰርቭ አውት ነው። ሁለተኛውን ከመረቡ ሦስት ሜትር ርቆ፣ ከነጠላ የጎን መስመር 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አድርጉት። በነጠላ አውት፣ በጥንድ ውስጥ። መስመር ላይ ያረፈ ሻትል ውስጥ ነው። እግር ግን ተቃራኒው ነው፤ መቺውም ተቀባዩም ሰርቭ እስኪመታ ድረስ የሳጥናቸውን መስመር መርገጥ አይችሉም፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት መንካትና አለመንቀሳቀስ አለባቸው። በጥንድ ወደ ፊት ለመጠጋት ሲሉ የጫማቸውን ጫፍ መስመሩ ላይ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው።

ሌላው ግር የሚያሰኘው፣ በጥንድ ያ የኋላው 76 ሴንቲ ሜትር የሚዘጋው ለሰርቭ ብቻ መሆኑ ነው። ሰርቩ ከተመለሰ በኋላ ሜዳው ሁሉ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ሻትላችን በጨዋታ መሃል ተመትቶ እዚያው ቦታ ቢወድቅ ነጥብ ነው። በነጠላ ግን የጎኑ 46 ሴንቲ ሜትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝግ ነው።

ሳጥኑ ለምን ተቀየረ?

በጥንድ አራት ሰው ሜዳ ላይ ቢኖርም ሰርቭ የሚመልሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። አጋሩ ቢመታው ፎልት ነው። ስለዚህ በነጠላም በጥንድም ሳጥኑን የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው፤ ስፋቱ መቀራረቡም ለዚህ ይስማማል። የተለየው ከሰርቩ በኋላ የሚሆነው ነው።

በነጠላ ነገሩን እንየው። መቺው ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው መስመር ሲልክ ሻትሉ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ተቀባዩ ከመረቡ 6 ሜትር ተኩል ርቆ ይመታል። ከዚያ ርቀት ስማሽ ቢያደርግ ሻትሉ በላባው ምክንያት በመንገድ ላይ ፍጥነቱን ይጥላል፤ መቺው ለመድረስ ጊዜ አለው። ተቀባዩ ደግሞ ከመታ በኋላ ሜዳውን በሙሉ ብቻውን ለመሸፈን ወደ መሃል መሮጥ አለበት። ረጅሙ ሳጥን ለመቺው ይህን መሣሪያ ይሰጠዋል።

ይህንኑ ሳጥን ለጥንድ ስጡት እስቲ። አሁን ሰርቭ የሚመታው ወገን ሁለት ተከላካይ አለው። ከፍ ያለ ሰርቭ ወደ ኋላ ልኮ ጎን ለጎን ቆሞ ስማሹን መጠበቅ ቀላል ይሆንለታል። ተቀባዩም ያን ረጅም ሰርቭ ስለሚፈራ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሲሸሽ አጭሩ ሰርቭ ያለ ተቃዋሚ ይገባል። ተቀባዩ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ኋላውን 76 ሴንቲ ሜትር ስትቆርጡለት ግን ፊት ሰርቭ መስመሩ ድረስ ተጠግቶ ራኬቱን አንስቶ መጠበቅ ይችላል። ከፍ ያለ ሰርቭ ቢመጣበት ሁለት ትልልቅ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይደርስበታል፤ ስማሽ የሚያደርገውም ከቅርብ ነው።

በጥንድ ሰርቭ ዝቅ ብሎ የሚሄደው በዚህ የተነሳ ነው። ሕግ ሳይሆን ፍርሃት ነው ዝቅ ያደረገው። ሕጉ መቺው እንዳያጠቃ ከፍታውን ገደበ፤ ሳጥኑ ደግሞ ተቀባዩ ምን ያህል ማጥቃት እንደሚችል ወሰነ።

አመታቱ

ለጥንድ አጭሩን ሰርቭ በባክሃንድ ልመዱ። ከፊት ሰርቭ መስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ፣ ከመሃል መስመሩ ጠጋ ብላችሁ ቁሙ። ሻትሉን በላባው ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፤ ራኬቱን ከሱ ኋላ አድርጉ። ወደ ኋላ የምትስቡት ትንሽ ነው። ወደ ፊት ከጀመራችሁ በኋላ ራኬቱ ሳይቆም መቀጠል አለበት፤ መሃል ላይ ማመንታት ፎልት ነው። የምትገፉት በጣትና በክንድ ነው፣ በአንጓ አይደለም።

የምትፈልጉት ሻትሉ ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው መረቡ ጋ ሳይደርስ እንዲሆን ነው። መረቡን ሲያልፍ መውረድ የጀመረ ሻትል ተቀባዩን ወደ ላይ እንዲመታ ያስገድደዋል። መረቡን ካለፈ በኋላም እየወጣ ከሆነ ተቀባዩ እዚያው ይገድለዋል። የት እንደምትሳሳቱ ለማወቅ ከመረቡ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ሌላ ገመድ ወጥሩና በመካከሉ አሳልፉ። ገመዱን አልፎ በላይ የሚሄድ ከበዛ ሻትሉን የምትመቱት ከመጠን በላይ ከሥር ነው ማለት ነው። መረቡ ላይ የሚቀር ከበዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጉልበት ማነስ ሳይሆን እጅ በመጨረሻው ሰዓት መውረዱ ነው። መረቡን ነክቶ ሳጥኑ ውስጥ የወደቀ ሰርቭ ልክ ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ከቴኒስ የመጡ ሰዎች "ይደገም" ይላሉ፤ እዚህ አይደገምም።

ለነጠላ ከፍ ያለውን ሰርቭ ስትመቱ ከፊት መስመሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቁሙ፤ ከመታችሁ በኋላ የሜዳው መሃል እዚያው አጠገባችሁ ነው። በፎርሃንድ ሻትሉን ከፊታችሁ ወደ ጎን ልቀቁትና ከሥር ወደ ላይ ምቱ። ይሄኛው የ1.15 ሕግን እምብዛም አያስቸግርም፤ ሻትሉ ወድቆ ጉልበት አካባቢ ነው የሚመታው። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ኋላ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ካልወረደ፣ ሜትር ተኩል ካጠረ፣ ለተቃዋሚው ስማሽ ሰጣችሁ ማለት ነው። ዛሬ ከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ ወንዶች በነጠላም አብዛኛውን ጊዜ አጭሩን ባክሃንድ የሚመርጡት ተቃዋሚዎቻቸው ከኋላ መስመርም ቢሆን ስማሽ ማድረግ ስለሚችሉ ነው።

ከየትኛው ሳጥን?

ሰርቭ ሁልጊዜ በሰያፍ ነው። ከቀኝ ሳጥን ወደ ተቃዋሚው ቀኝ፣ ከግራ ወደ ግራ። የሚመታው ወገን ነጥብ ዜሮ ወይም ተጋማሽ ከሆነ ከቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከግራ። በነጠላ ይሄ ብቻ ይበቃል።

በጥንድ የሚያምታታው የሰዎቹ ቦታ ነው። ሀ እና ለ ሰርቭ እየመቱ ነው፤ ነጥቡ 4 ለ 2 ነው። 4 ተጋማሽ ስለሆነ ሀ ከቀኝ ይመታል። ተቃዋሚው ወገን ላይ ሐ በቀኝ፣ መ በግራ ቆመዋል። ሰርቩ ወደ ሐ ይሄዳል። ሀ እና ለ ነጥቡን ወሰዱ፣ 5 ሆነ። ቦታ የሚቀያየሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ሀ ወደ ግራ ሄዶ ወደ መ ይመታል። ሐ እና መ ባሉበት ይቆያሉ። አሁን ነጥቡን ሐ እና መ ወሰዱ እንበል፤ 3 ለ 5 ሆነ። ሰርቭ ወደነሱ ተሻገረ። ግን ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ነጥባቸው 3፣ ጎዶሎ ስለሆነ በግራ የቆመው መ ይመታል። በሰያፍ ግራ ላይ ያለው ሀ ይቀበላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐ "ተራው የኔ ነው" ይላል፣ ወይም ሰርቭ ያገኙት ሁለቱ በደስታ ቦታ ይቀያየራሉ። የምታስታውሱት አንድ ነገር ከሆነ፣ ቦታ የሚቀየረው ሰርቭ እየመታ ነጥብ ያገኘ ወገን ብቻ ነው። ሰርቭ መልሶ ያገኘ ወገን አይቀያየርም። ተሳስታችሁ ጥቂት ነጥብ ከተጫወታችሁ በኋላ ብትነቁበትም ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር የለም። ቦታችሁን ታስተካክላላችሁ፤ ነጥቡ እንዳለ ይቀጥላል።